የመጨረሻዎቹ 10 ኪሎ ሜትሮች

አንዲት አትሌት የረጅሙን ሩጫ መጨረሻ ደጋግማ ፈጥና በመሮጥ የተጎዳችው እሑድ ጠዋት የሰንዳፋን አስፋልት በሚሮጥ አንድ የማራቶን ቡድን ውስጥ ነው። አትሌቷ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ለመጨረስ እየተዘጋጀች ነበር፤ በኪሎ ሜትር 3፡33 ደቂቃ መሆኑ ነው። ሰንዳፋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ስላለው አሰልጣኙ ያንኑ ጥረት እዚያ 3፡42 ገደማ ብሎ ይቆጥረው ነበር። ውድድሩ ሊደርስ 13 ሳምንት ቀርቶታል።

በፕሮግራሙ ላይ ሁለት ዓይነት ሎንግ፣ ማለትም የእሑድ ረጅም ሩጫ፣ አለ። አንደኛው እየጨመሩ የሚሮጡት ነው። ከ32 ኪሎ ሜትሩ የመጀመሪያው 10 በ4፡20፣ ቀጣዩ 10 በ4፡05፣ ከዚያ 8 በ3፡52፣ የመጨረሻው 4 ብቻ በ3፡42 ይሮጣል። ሁለተኛው መጨረሻው ፈጣን የሆነው ነው፤ 22 ኪሎ ሜትር በ4፡10 ተረጋግቶ ይኬድና የቀረው 10 በሙሉ በውድድር ፍጥነት፣ እዚያ በ3፡42፣ ይሆናል። የሁለቱም ጠቅላላ ሰዓት 2 ሰዓት ከ10 አይሞላም፤ ልዩነታቸውም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በወረቀት ሲታዩ እኩል ስለሚመስሉ ነው ስህተቱ የገባው።

ሰውነት ግን እኩል አይቆጥራቸውም። 22 ኪሎ ሜትር ከተሮጠ በኋላ ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ቀንሷል፣ እስከዚያ የሠሩት የጡንቻ ክሮችም ደክመዋል። ያኔ 10 ኪሎ ሜትር በውድድር ፍጥነት ሲጠየቅ ቀድሞ ያልተነኩት ክሮች ይጠራሉ። ልምምዱ ለማራቶን የሚጠቅመው በዚሁ ነው፤ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የሚመጣውን ድካም በከፊል ያለማምዳል። የሚጎዳውም በዚሁ ነው። የተጎዳው ክር ለመጠገን፣ ያለቀው ስኳርም ለመሙላት ቀናት ይፈልጋሉ።

አሰልጣኙ የፈጣኑን ሎንግ ቦታ በየሦስት ሳምንቱ አንዴ አድርጎት ነበር። በመካከል ያሉት እሑዶች አንዱ እየጨመሩ የሚሮጡበት፣ ሌላው ከዳር እስከ ዳር ቀላል ነው። ቡድኑ ግን አሰልጣኙ ባልነበረባቸው እሑዶች እርስ በርሱ ይሽቀዳደማል። አትሌቷም አራት እሑድ በተከታታይ መጨረሻውን ፈጥና ሮጠች። ማክሰኞ የሚሠራው የአንድ ኪሎ ሜትር ድግግሞሽና ሐሙስ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጠንከር ባለ እኩል ፍጥነት የሚሮጠው ልምምድም፣ አልተነካም።

የመጀመሪያው እሑድ የመጨረሻው 10 በአማካይ 3፡42 ወጣ፣ ሁለተኛው 3፡40፣ ሦስተኛው 3፡37። ሁሉም ተደሰተ። እሑድን ብቻ ያየ ሰው አቋሟ እየተሻሻለ ነው ይላል፤ ማክሰኞን ያየ ግን ሌላ ያነባል። በ3፡20 ትጨርሰው የነበረው አንድ ኪሎ ሜትር፣ እረፍቱ ሳይቀየር ወደ 3፡27 ዘግይቶ ነበር። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የምትቆጥረው የልብ ምትም ከ46 ወደ 53 ወጥቷል። ሁለቱም በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ተጽፈው ነበር፤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያቸው ግን አልነበረም።

አራተኛው እሑድ 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ «ኮች፣ እግሬ እንጨት ሆነ» አለች። ተከታዩ መኪና ውስጥ የነበረው ረዳት አሰልጣኝ እንድታቆም መንገር ነበረበት፤ «ሰባት ብቻ ነው የቀረሽ፣ በርቺ» አላት። 3፡55 እየሮጠች፣ ግራ እግሯን እየቆጠበች ጨረሰች። ባቷ አብጦ 12 ቀን ከሩጫ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ እንደገና ተሠራ። ፈጣኑ ሎንግ እንደ ሁለት ከባድ ልምምድ ተቆጠረ፤ እሱ ባለበት ሳምንት የሐሙሱ ቴምፖ ይወጣል፣ ማክሰኞም ቀላል ሩጫ ይሆንና የአንድ ኪሎ ሜትር ድግግሞሹ ወደ ረቡዕ ይሻገራል። ፈጣኑ ክፍልም በአንዴ 10 አይሆንም፤ በ5 ተጀምሮ በየጊዜው በ2 ወይም በ3 ይጨምራል። የመጨረሻው ፈጣን ሎንግ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራ ድካሙ ሳይወጣ ውድድሩ ይደርሳል።

እየጨመሩ የሚሮጡት ሎንግ በተከታታይ ሳምንታትም ሊሠራ ይችላል፣ አጀማመሩ በእውነት ቀላል ከሆነ። የመጀመሪያውን 10 በ4፡20 ፈንታ በ4፡05 የጀመረ አትሌት መጨረሻ ላይ የሚጨምረው አቅም የለውም፤ ስሙ ሳይቀየር ልምምዱ ውድድር ይሆንበታል። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወሩ መሮጥ ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል።

ማቆሚያውም አስቀድሞ ተጽፎ መኪናው ውስጥ ተለጠፈ። ከመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሁለቱ በተከታታይ ከታቀደው 6 ሰከንድ ከዘገዩ፣ ወይም አረጋገጧ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ፈጣኑ ክፍል እዚያው ያበቃል፤ የቀረው በሶምሶማ ይጠናቀቃል። ውሳኔው የረዳት አሰልጣኙ ነው፤ አትሌቷን «ትችያለሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቃትም።

አትሌቷ እስከ ውድድሩ በቀሯት ሳምንታት ፈጣን ሎንግ የሮጠችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 8 ኪሎ ሜትር። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የሚሠራው አንድ ኪሎ ሜትር ከሁለተኛው በኋላ ወደ 3፡20 ተመልሶ ነበር።