እጄ ድንጋዩ ላይ ቀረ፦ ሦስተኛው ቀለም እፍ የማለት ሙከራዬ

እጄን ድንጋይ ላይ አድርጌ ዙሪያውን ቀለም እፍ እያልኩ ቅርጹን ለማስቀረት ያደረግኳቸው ሁለት ሙከራዎች ከሽፈው ነበር። ዛሬ ግን ተሳካ። የጣቶቼ ቅርጽ ድንጋዩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መነሻዬ ደቡብ ፈረንሳይ ያለው የፔሽ ሜርል ዋሻ ነው። እዚያ ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለት ፈረሶች ተስለዋል፤ ዕድሜያቸው ወደ 29,000 ዓመት ይገመታል። በዙሪያቸው የሰው እጅ ቅርጾች አሉ። አርኪዮሎጂስቱ ሚሼል ሎርብላንሼ በ1990 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሥዕል በሌላ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሠራው። የከሰል ዱቄት አፉ ውስጥ በምራቅ እያላመጠ፣ በእጁ መስመሩን እየከለለ እፍ እያለ ረጨው። ሁሉንም ለመጨረስ 32 ሰዓት ፈጀበት።

እኔ የጀመርኩት በቀዩ ቀለም ነው። ቢጫ አፈር ወቅጬ ከሰል ላይ በብረት ምጣድ ቆላሁት። ቢጫውን የሚሰጠው የብረት ማዕድን በውስጡ ውሃ ይዟል፤ ሙቀቱ ውሃውን ሲያስወጣው ይቀላል። ለውጡ ከዳር ጀምሮ ሲመጣ በዓይን ይታያል። የመጀመሪያው ሙከራዬ የከሸፈው ዱቄቱ ስላልደቀቀ ነው፤ አሸዋው ብቻ ረገፈ። ሁለተኛው ውሃ በዝቶበት ወደ ታች ተንጠባጠበ። ዛሬ በሻሽ ነፋሁት፤ በጣቴ ስፈትገው እንደ ጤፍ ዱቄት እስኪለሰልስ። አንድ ማንኪያ ዱቄት በሁለት ማንኪያ ውሃ በጠበጥኩ።

አፈሩን አፌ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ለጥቁር ቀለም የሚሆነውን የማንጋኒዝ ማዕድንማ ጨርሶ እንዳትሞክሩት፣ መርዛማ ነው። ሁለት ቀጭን ሸምበቆ ወሰድኩ። አንዱን ቀለሙ ውስጥ አቆምኩት። ሌላውን በጎኑ ይዤ በቆመው አናት ላይ እፍ አልኩ። ትንፋሹ ቀለሙን ወደ ላይ ስቦ እንደ ጉም ይበትነዋል። ከግማሽ ስንዝር ርቀት ጥሩ ይሠራል።

ስለ ትርጉሙ ብዙ ተብሏል። ነጠብጣቡ የሕልም ወይም የመንፈስ ምልክት ነው የሚሉ ነበሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ግን በዚያ ዘመን ባለነጠብጣብ ፈረሶች በእርግጥ እንደነበሩ አሳየ። ይህ መንፈሳዊውን ሐሳብ አይሽረውም፤ ሰው ያየውን እንስሳም ሊያከብረው ይችላል። የቀኙ ፈረስ ጭንቅላት ያረፈበት ድንጋይ ራሱ የፈረስ ጭንቅላት ይመስላል። ሠዓሊው ፈረሱን ድንጋዩ ውስጥ አስቀድሞ ያየው ይመስለኛል።

የእጆቹን ነገር ደግሞ ዛሬ ነው በሰውነቴ የተረዳሁት። እፍ ስትሉ ቀለሙ እጃችሁንም ድንጋዩንም እኩል ያለብሳል። ለአፍታ እጅና ድንጋይ አይለዩም፤ እጃችሁ ግድግዳው ውስጥ የገባ ይመስላል። የዋሻ ግድግዳ ለዚያ ዘመን ሰዎች ወደ መናፍስት ዓለም የሚያሻግር ስስ መጋረጃ ነበር የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ያን ቅጽበት ካየሁ ወዲህ ሐሳቡ ሩቅ አልመስል ብሎኛል።

ትንሿ ጣቴ ትንሽ ደብዝዛለች፤ ሳልጨርስ አንቀሳቅሼያት ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት የከሰሉን ጥቁር እያዘጋጀሁ ነው።