ከነጥቡ ጎን ያለችው ፊደል

የፈተና ወረቀት ለማረም መጀመሪያ የተጠራሁ ጊዜ ነው። የማረሚያ መመሪያው ተሰጠኝና አገላብጬ አየሁት። ዓይኔ ያረፈው ግን የመጨረሻው መልስ ላይ ነበር። መልሱ 26፣ ጥያቄው የሚይዘው 6 ነጥብ። ይኼው በቃኝ ብዬ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። የአንድ ሬክታንግል ርዝመት ከወርዱ በ3 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ስፋቱ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። እኩልታ መሥርተህ ዙሪያውን ፈልግ፤ አሠራርህን አሳይ።

አንዱ ተማሪ ወርዱን x ብሎ እንዲህ ሠርቷል፦

```
x(x + 3) = 40
x² + 3x − 40 = 0
(x − 8)(x + 5) = 0
x = 8
2(8 + 11) = 38
```

ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቶቹ ተገላብጠውበታል። መሆን የነበረበት (x + 8)(x − 5) ነው፤ ወርዱም 5 ይወጣ ነበር። እኔ 38ን ሳይ "ተሳስቷል" አልኩና ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች 2 ነጥብ ሰጥቼ አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላ የቡድን መሪያችን ካረምኳቸው ወረቀቶች ጥቂቱን መዘው አዩ። እዚህኛው ላይ ሲደርሱ ጠሩኝ።

"ና እስቲ፣ ይቺን 2 ከየት አመጣሃት?"

"ጋሼ፣ መልሱ ስህተት ነው።"

"መልሱንማ እኔም አየሁት። መመሪያው ምን ይላል?"

መመሪያውን ዘረጉና ጣታቸውን በስተቀኝ ባለችው ጠባብ ዓምድ ላይ አሳረፉ።

```
x(x + 3) = 40                M1
x² + 3x − 40 = 0             A1
በፋክተር ወይም በቀመር መፍታት      M1
x = 5                        A1
x > 0 ን 2(x + x + 3) ውስጥ መተካት  M1
26                           A1
```

እኔ እስከዚያ ሰዓት የማነበው 1 ቁጥሯን ብቻ ነበር። ነገሩ ያለው ፊደሏ ላይ ነው። M የዘዴ ነጥብ ናት። ተማሪው ትክክለኛውን መንገድ ከያዘ፣ መሀል ላይ በስሌት ቢሳሳትም ያገኛታል። A የትክክለኛነት ነጥብ ናት፤ የምትሰጠው ውጤቱ ልክ ሲሆን ብቻ ነው። ያውም ከፊቷ ያለችው M ከተገኘች። M ከሌለች A የለችም።

በዚህ ዓይን ወረቀቱን እንደገና አየነው። መጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች M1 እና A1። ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ ተሳስቷል፣ መመሪያው ግርጌ ግን ማስታወሻ አለ፤ ምልክት ሳይታይ ሁለቱ ቁጥሮች ተባዝተው 40 ከሰጡ ዘዴው ይቆጠራል ይላል። 8 በ5 ደግሞ 40 ነው። ስለዚህ M1። x = 8 ልክ ስላልሆነ A0። 8ን ዙሪያው ውስጥ በትክክል አስገብቷል፤ M1። 38 ልክ ስላልሆነ A0። ድምር 4። ልጁ የሠራበትን ግማሽ እኔ ቀምቼው ነበር። አንጀቴን በላኝ።

"የመጨረሻዋ A ጎን ft የሚል ቢኖር ደግሞ 5 ይሆንለት ነበር" አሉኝ ጋሼ። ft ማለት የራሱን የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ከዚያ በኋላ ልክ ከሠራ ነጥቡን ስጠው ማለት ነው። ከ8 ተነስቶ 38 ማግኘት ትክክል ነዋ! እዚህ ጥያቄ ላይ ግን ft የለም፤ አራሚ ደግሞ ከራሱ አይጨምርም።

ከዚያ የባሰው መጣ። ሌላ ወረቀት ላይ "5 × 8 = 40፣ ስለዚህ 26" ብቻ ተጽፏል። እኔ ሙሉ 6 ሰጥቼዋለሁ። እኩልታ የለም፣ የመፍታት ሙከራ የለም። ጥያቄው ግን እኩልታ መሥርት ብሎ ነበር። መመሪያው ግርጌ SC B1 የሚል መስመር አለ። SC ልዩ ሁኔታ ነው፤ B ደግሞ ዘዴ ሳይጠየቅባት ለብቻዋ የምትሰጥ ነጥብ። ያለ እኩልታ 26 ብሎ ለጻፈ 1 ነጥብ፣ አለቀ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ሥራውን ላሳየው 2፣ ለገመተው 6 ሰጥቻለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ያረምኩትን ክምር በሙሉ መልሼ ያዝኩ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ፊደሏን መጻፍ ጀመርኩ፤ M1፣ A0፣ M1 እያልኩ። ድምሩን የምጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። እንዲህ ሲደረግ የት እንደሰጠሁና የት እንደከለከልኩ ሌላ ሰው ያለ እኔ ማብራሪያ ያየዋል።

አንዱ ወረቀት ብቻ አስቸገረኝ። ልጅቷ ማባዛት ሲገባት ደምራ x + (x + 3) = 40 ብላለች። እኩልታው ስለተሳሳተ M0፣ A0። ሦስተኛዋም ቀረች፤ የሚፈታ ኳድራቲክ እኩልታ የለማ። x = 18.5 አገኘች፣ A0። ከዚያ 2(18.5 + 21.5) = 80 ጻፈች። ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ። አምስተኛው መስመር ላይ ባለችው M ላይ ጣታቸውን አደረጉ።

"ከፊቷ d አለች?" አሉኝ። d ካለች ነጥቧ በፊተኛዋ M ላይ የተንጠለጠለች ናት፤ ያቺ ከቀረች ይቺም ትቀራለች።

"የለችም" አልኩ።

"እንግዲያው ስጣት።"

M1 ጻፍኩ። ከ6 1 አገኘች።