ኮርኒሱ ተከፈለበት፣ ፍራሹ ግን

የኢንሹራንስ ካሳ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ስልኳን ከፍታ ፎቶዎች ደረደረችልኝ። ከእሷ በላይ ባለው ቤት ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ሌሊት ፈንድቷል። ውሃው ኮርኒሱን ይዞ መኝታ ቤቷ ላይ ወርዷል። ፍራሹ፣ ላፕቶፑ፣ ቁም ሳጥን ሙሉ ልብስ፣ ሁሉም ተበላሽቷል።

«አከራዬ ኢንሹራንስ አለው። ፖሊሲውን ኮፒ አድርጎ ሰጥቶኛል» አለችኝ።

እውነትም አለው። አብረን አነበብነው። ግድግዳ፣ ወለል፣ ኮርኒስ፣ በር፣ ቧንቧ፣ የተገጠመ የኩሽና ካቢኔት ተዘርዝሯል። ስለ ዕቃ የሚናገረው አንድ አንቀጽ ደግሞ «የአከራዩ ንብረት የሆኑ» ይላል። ፍሪጁ የአከራዩ ስለሆነ ይካተታል። ፍራሹ የእሷ ነው። ሰው የራሱ ያልሆነ ንብረት ቢጠፋ የሚከስረው ነገር ስለሌለ፣ አከራዩ በእሷ ዕቃ ስም ካሳ ሊወስድ አይችልም።

«እሺ፣ ላይኛው ጎረቤቴ ይክፈለኛ!»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጎረቤቷ እንዲከፍል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ማሳየት አለባት። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ እያየ ዝም ብሎ ቢሆን ሌላ ነገር ነው። ይኼኛው ግን ከግድግዳ ውስጥ ሆኖ፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው የፈነዳው። ጥፋተኛ ከሌለ ብዙ ጊዜ ከፋይም የለም። የተከራይ የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፦ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። አደጋው በፖሊሲው ከተዘረዘሩት አንዱ ከሆነ፣ ተቀናሹን፣ ማለትም ተከራዩ ራሱ የሚችለውን ድርሻ፣ አንስቶ ይከፍላል። ድንገት የፈነዳ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ይካተታል። ለወራት ቀስ እያለ የሰረገ ውሃ ግን በአብዛኛው አይካተትም።

ክፍያው ደግሞ እንደተገዛው ፖሊሲ ነው። አንዱ ዓይነት በተበላሸው ምትክ አዲስ ይገዛል። ሌላው የእርጅናውን ቀንሶ ይሰጣል፤ 4 ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ በዚህ ሲሰላ ብዙም አይተርፈውም። ሲገዙ ይህን ካልጠየቁ በካሳው ቀን መደንገጥ ነው።

ከሁሉም የገረማት ግን ሌላ ነው። ቤቱ እስኪጠገን 3 ሳምንት ያስፈልጋል። የአከራዩ ፖሊሲ በዚያ ጊዜ ለሚቀርበት ኪራይ ይከፍለዋል። እሷ የምታድርበትን ግን አይከፍልም። ብዙ የተከራይ ፖሊሲዎች ለጊዜያዊ ማረፊያ የሚሆን ወጪ፣ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ፣ ይጨምራሉ።

«ዛሬ ብገዛስ?» አለች።

«ለሚቀጥለው ይሆናል እህቴ፤ ለትናንቱ አይሆንም።»

ስትወጣ እኔም አፈርኩ። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ተከራይቼ ስኖር፣ ሰው ሳስተናግድ ውዬ ወደ ኢንሹራንስ አልባ ቤቴ ነበር የምገባው።

ኮርኒሱ በ3ኛው ሳምንት ተጠግኖ ቀለም ተቀባ። ፍራሹን በራሷ ገንዘብ ገዛች።