ሲቪዬን ከ«CV (17)» ያወጣሁበት ወር

ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ካለ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሲቪዬን አስጽፌ በፍላሽ ይዤ ከወጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ያንኑ ፋይል ለአሥራ አንድ መሥሪያ ቤት በኢሜይል ልኬዋለሁ። ስሙ CV.docx ነበር። ስሙ ችግር ይኖረዋል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። እኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ሲቪ የኔ ብቻ ነዋ!

ታላቅ እህቴ ጣና ዳር ያለ አንድ ሎጅ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች። ባለፈው ወር የእንግዳ ተቀባይ ማስታወቂያ አውጥተው ነበር። ምሳ ላደርስላት ስሄድ የአመልካቾችን ፋይል ከኢሜይል እያወረደች አገኘኋት። ዳውንሎድ ፎልደሩን ሳየው ደነገጥኩ። CV.pdf፣ ከሥሩ CV (1).pdf፣ ከዚያ CV (2).pdf እያለ እስከ 23 ይወርዳል። ቁጥሩን ማንም አልጻፈውም። ያው ስም ያለው ፋይል በላዩ ሲወርድበት ብሮውዘሩ ራሱ ነው የሚጨምረው።

«እታለም፣ ይሄ 17 የማን ነው?» አልኳት።

«ካልከፈትኩት በምን አውቃለሁ? ኢሜይሉ ላይ እያለ ላኪው ይታያል። ከወረደ በኋላ ግን ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው። ለሥራ አስኪያጁ በፍላሽ ስወስድለት ደግሞ ኢሜይሉን እሱ ጨርሶ አያየውም።»

ትናንት አንብባ የወደደችውን አንድ አመልካች ዛሬ ለማግኘት አሥራ አራት ፋይል ከፍታ ዘግታለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። በዚያው ማታ ቤት ገብቼ ፋይሌን እንደገና መሥራት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ስሙን ቀየርኩ። በአበበ ከበደ ላሳያችሁ፤ አሁን የምጠቀምበት አጻጻፍ ይህ ነው፦

```
Abebe-Kebede-CV-Receptionist.pdf
```

የራስ ስም ፊት ይመጣል፤ ፎልደሩ በፊደል ተራ ሲደረደር ሰውየው በስሙ ቦታ ይገኛል። ስማችሁ ከነአባቱ ብዙ ሰው ያለው ከሆነ የአያት ስም ጨምሩ። የሥራ መደቡን መጨረሻ ላይ የማደርገው ያው መሥሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ሦስት መደብ ሊያወጣ ስለሚችል ነው። በቃላቱ መካከል ባዶ ቦታ ከመተው ሰረዝ እመርጣለሁ። Final፣ New፣ Last የሚሉትን አውጥቻቸዋለሁ፤ ለቀጣሪው ምንም አይነግሩትም። ዓመተ ምህረትም አልጽፍም። 2017 ብዬ ብጽፍ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያነበው ሰው የብዙ ዓመት አሮጌ ሲቪ የላክሁለት ይመስለዋል።

ያላሰብኩት ችግር የስም ፊደል ነው። የኛ ስም በላቲን ሲጻፍ ብዙ መልክ አለው። ፀሐይ የምትባል ልጅ Tsehay፣ Tsehai ወይም Sehay ሆና ልትጻፍ ትችላለች። ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ናቸው። Tsehay ብሎ የሚፈልግ ሰው Tsehai ያለበትን ፋይል አያገኝም። የኔን ሳየው ዲግሪዬ ላይ አንድ ዓይነት፣ ኢሜይሌ ላይ ሌላ፣ ሲቪዬ አናት ላይ ደግሞ ሦስተኛ ነበር። ዲግሪው ላይ ያለው አይቀየርምና ሌላውን ሁሉ ወደ እሱ አመጣሁት። በአማርኛ ፊደል ብሰይመውስ ብዬም ነበር። ዛሬ ዊንዶውስ ይቀበለዋል። ግን አንዳንድ የቆየ ሲስተም ፊደሉን ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይረዋል፤ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ሰውም ጽፎ ሊፈልገው አይችልም።

ሌላ የገጠመኝ፦ ማስታወቂያው «የቦታውን ቁጥር ይጥቀሱ» ይላል፣ ቁጥሩ ደግሞ 03/17 ነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ እዝባሩን አይቀበልም። ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክትና የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብም እንደዚያው። በሰረዝ 03-17 አድርጌ አስገባሁት።

ቀጥሎ የፋይሉ ዓይነት። ዶክስ የነበረውን በእህቴ ስልክ ስከፍተው ሠንጠረዡ ፈርሶ አንዱ ገጽ ሁለት ሆኗል። የአማርኛው ክፍል ደግሞ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ወጣ። ጽሕፈት ቤቱ የተጠቀመው ከዩኒኮድ በፊት የነበረ ዓይነት ፎንት ነበር። እንዲህ ያለው ፎንት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ይስላል፤ ፎንቱ ሌላው ስልክ ላይ ከሌለ ቅርጹ ይጠፋና ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ፒዲኤፍ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር ይዞ ስለሚሄድ ለዓይን ያስተካክለዋል። ውስጡን ግን አያስተካክለውም። እንዴት እንደሚታወቅ ላሳያችሁ፦ ከፒዲኤፉ አንድ የአማርኛ መስመር ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደህና ነው። የማይነበብ ነገር ከመጣ ፋይሉ ውስጥ በአማርኛ ቃል ቢፈለግም አይገኝም ማለት ነው። እኔ እዚያው የዎርድ ፋይል ላይ ሙሉውን በኒያላ ፎንት እንደገና ተየብኩት። አንድ ማታ ፈጀብኝ።

አሁን ከሁሉ ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። ፒዲኤፍ ሆኖ፣ ስሙ ተስተካክሎ ለእህቴ ላክሁላት። በክሮም ከፈተችውና «ይሄ ማን ነው?» አለችኝ። አናት ላይ፣ ታቡ ላይ የተጻፈው የኔ ስም አልነበረም፤ የማላውቀው ሰው ስም ነው! ጽሕፈት ቤቱ የሌላ ደንበኛ ሲቪ ላይ የኔን ደርቦ ነበር የጻፈው። ዎርድ ፋይሉ ውስጥ Title የሚባል ቦታ አለ። ፒዲኤፍ ሲሆን አብሮ ይሻገራል፤ ክሮምም ከፋይሉ ስም ይልቅ እሱን ያሳያል። ስለዚህ ፋይሉን ሪኔም ማድረግ እዚህ ላይ አይሠራም። ለአሥራ አንዱም ቦታ ፋይሌ ውስጡ የሰው ስም ይዞ እንደሄደ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ማስተካከያው አጭር ነው። ኦሪጅናሉን በዎርድ ከፍቼ File፣ ከዚያ Info ገባሁ። በቀኝ በኩል Title የሚለው ላይ የሰውየውን ስም አጥፍቼ የራሴን ጻፍኩ። ከሥር Author የሚልም አለ፤ እሱም የሰው ነበርና ቀየርኩት። ከዚያ Save As ብዬ እንደገና ፒዲኤፍ አደረግሁት። በጽሕፈት ቤት ያስጻፋችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ሲቪያችሁን በብሮውዘር ከፍታችሁ ታቡን እዩልኝ።

መጠኑ ብዙም አላስቸገረኝም። በስልክ የተነሳሁትን ጉርድ ፎቶ እንዳለ ስለለጠፍኩት 4 ሜጋባይት ደርሶ ነበር። ፎቶውን አሳንሼ ስተካው 300 ኪሎባይት ሆነ።

ከመላኬ በፊት አሁን ለራሴ ኢሜይል እልክና በሌላ ሰው ስልክ አወርደዋለሁ። ይከፈታል? ስሙ ሙሉ ይታያል? ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻዋን አልቀረችም? ባለፈው ሰኞ ሦስቱንም አይቼ ለሁለት ሆቴል ላክሁ። እህቴም የኔን ፋይል ያን የሞላ ፎልደሯ ውስጥ ጨመረችና የስሜን የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ስትጽፍ ብቻውን ወጣ። የሚቀረኝ የትምህርት ማስረጃዎቼን እንዲሁ ማዘጋጀት ነው። እስካሁን በስልክ የተነሱ፣ IMG ብለው የሚጀምሩ ስድስት ፎቶዎች ናቸው።