100 ሺህ ብር በስንት ዓመት 200 ሺህ ይሆናል? 72ን ለወለዱ ማካፈልና የሚያሳስቱ ነገሮች

የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነው፤ 100,000 ብር በ7 ከመቶ ወለድ የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ቢቀመጥና ማንም ባይነካው መቼ እጥፍ ይሆናል? 7ን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ ያደረገ ጊዜ ብዙ ሰው የለመደው ቁጥር ይኸው ሆነ።

መልሱን ያለ ወረቀት ለማግኘት 72ን ለወለዱ አካፈልኩ። 72 ሲካፈል ለ7 አሥር ከሩብ ትንሽ ይበልጣል። ወለድ በዓመት አንድ ጊዜ እየታሰበ በዋናው ገንዘብ ላይ ሲደመር ትክክለኛው መልስ 10.24 ዓመት ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ወር ያነሰ ነው። ለማመሳከር ኤክሴል ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦

```
=LN(2)/LN(1+0.07)
```

በድሮው 5 ከመቶ ግን 72 ሲካፈል ለ5 አሥራ አራት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ይሰጣል። ሁለት ነጥብ ብቻ ተጨምሮ አራት ዓመት ቀነሰ።

ለምን 72? ሒሳቡ በትክክል የሚፈልገው ቁጥር 69.3 ነው፤ እሱ ግን የሚሠራው ወለዱ በየቅጽበቱ ሲደመር ነው። በዓመት አንዴ ሲደመር ቁጥሩ ከፍ ማለት አለበት፣ 8 ከመቶ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ 72 ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ 72 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ9 እና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የጣሊያኑ የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ደንብ ጠቅሶታል፤ ከየት እንደመጣ ግን አላብራራም።

ከ8 ርቀን ስንሄድ ደንቡ ይዛነፋል። እኔ የማስተካክለው እንዲህ ነው፦ ወለዱ ከ8 በላይ በሦስት ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር 72 ላይ አንድ እጨምራለሁ፤ ከ8 በታች በሦስት ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ እቀንሳለሁ። 20 ከመቶ ቢሆን ከ8 በ12 ይበልጣል፣ 12 ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ 76 ሲካፈል ለ20 ሦስት ዓመት ከስምንት አሥረኛ። ይህ ከትክክለኛው ጋር ይገጥማል። ሳላስተካክል 72ን ባካፍል ኖሮ 3.6 ያወጣ ነበር። በ2 ከመቶም 70 ሲካፈል ለ2፣ 35 ዓመት፤ እሱም ልክ ነው።

ወደ 100,000 ብሩ ልመለስ። አሥር ከሩብ ብሎ ማቆም ሁለት ነገሮችን ይዘልላል። የመጀመሪያው ግብር ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከባንክ ቁጠባ ወለድ ላይ 5 ከመቶ እንዲቆረጥ ደንግጓል። ከሰባቱ ላይ 0.35 ሲወጣ 6.65 ይቀራል፤ 72 መካፈል ያለበት ለዚህ ቁጥር ነው፣ ግድግዳ ላይ ለተለጠፈው አይደለም። በየባንኩ ያለውን የአሁኑን ተቀናሽ ከሂሳብ መግለጫው ማንበብ ይቻላል፤ ወለድ የገባበት መስመር ሥር የግብር ተቀናሽ ለብቻው ይታያል። ሁለተኛው ወለዱ የሚደመርበት ጊዜ ነው። ወለድ በየወሩ ሂሳብ ላይ የሚገባ ከሆነ ቀድሞ ወለድ መውለድ ስለሚጀምር 72 ትንሽ ይበዛል፤ በዚህ ጊዜ 70ን እወስዳለሁ። 70 ሲካፈል ለ6.65 አሥር ዓመት ተኩል ገደማ። ኤክሴል ላይ ሲሰላ 10.45 ዓመት ነው። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ስለጎተተው መልሱ መጀመሪያ ካልኩት ብዙም አልራቀም። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይጣጣምም።

ወለዱን እያወጣ ለቤት ወጪ የሚጠቀም ሰው በ72 ደንብ መሄድ የለበትም። የእሱ ገንዘብ ወለድ ላይ ወለድ አይወልድም፤ ስለዚህ የሚካፈለው 100 ነው። 100 ለ6.65፣ አሥራ አምስት ዓመት። ያኔ በእጁ የገባው ወለድ ድምር ከዋናው ጋር እኩል ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ግን በየወሩ ለሚቆጥብ ሰው ይህን ደንብ መጠቀም ነው። በወር 2,000 ብር ለአሥር ዓመት ያስገባ ሰው 240,000 ብር ከኪሱ አውጥቷል፤ 480,000 እንዲሆንለት መጠበቅ ስህተት ነው። በ7 ከመቶ፣ በየወሩ እየተደመረ፣ ግብሩን ትተን የሚያገኘው 346,000 ብር ገደማ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያዋ ሁለት ሺህ አሥር ዓመት ስትቀመጥ የመጨረሻዋ ገና መግባቷ ነው። ለዚህ የምጠቀምበት ቁጥር 126 ነው። 126 ለ7 አሥራ ስምንት ዓመት፤ ያኔ 432,000 ብር ያስገባ ሰው 861,000 ብር ገደማ ይኖረዋል፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሺህ ብቻ ይቀረዋል። ይህች 126 ከ72 ያነሰ ትታወቃለች፤ ለደመወዝተኛ ግን የበለጠ የምትጠቅመው እሷ ናት።

ያው ደንብ ለዋጋ ንረትም ያገለግላል፣ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። ዋጋ በዓመት በ15 ከመቶ ቢጨምር፣ ማስተካከያውን ጨምሬ 74 ለ15፣ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ዋጋ እጥፍ ይሆናል። 100,000ው 200,000 እስኪሆን በሚያልፈው አሥር ዓመት ተኩል ውስጥ ዋጋ ሁለት ጊዜ ታጥፏል፤ አራት እጥፍ አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ 200,000ው የሚገዛው ዛሬ ከ50,000 ባነሰ ብር የሚገዛውን ነው። በ30 ከመቶ ንረት ደግሞ ማስተካከያው ሳይረሳ 79 ለ30፣ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ተኩል ገደማ። እዚህ ላይ 72ን እንዳለ ማካፈል ሦስት ወር ያህል ያሳጥረዋል።

የመጨረሻው አጠቃቀም አንድ ሰው «ገንዘብህ በስድስት ወር እጥፍ ይሆናል» ሲል ነው። ጊዜውን በዓመት ሳይሆን በወር ይዤ 72ን ለ6 አካፍላለሁ፤ 12 ይወጣል። በየወሩ 12 ከመቶ ማለት ነው። ይህን በ12 አባዝቶ በዓመት 144 ከመቶ ማለት ግን ስህተት ነው፤ በስድስት ወር ሁለት እጥፍ የሆነ ገንዘብ በዓመቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ትርፉ 300 ከመቶ ነው። ሰውየውን የምጠይቀው «በየወሩ ከመቶ ብር አሥራ ሁለት ብር የሚያተርፈው ምን ሥራ ነው?» ብዬ ነው። ሥራውን ከመግለጽ ይልቅ ሌላ ሰው እንዳመጣ ከነገረኝ፣ ትርፉ የሚከፈለው አዲስ ከሚገቡ ሰዎች ገንዘብ እንደሆነ እገምታለሁ።