«ይነክሳል» ለምን «ይነህሳል» አልሆነም?

በአማርኛ «እህል» የምንለውን ግዕዝ «እክል» ይለዋል፤ ትግርኛም «እኽሊ» ይላል። ነገሩን የጀመርኩት ከዚህች አንዲት ቃል ነበር። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው «ከ» ከአናባቢ በኋላ ላልቶ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ «ኸ»፣ ከዚያም ወደ «ሀ» እንደ ዞረ ታየኝ። የ«ኸ» ፊደል ራሱ ከ«ከ» ላይ ጭረት ተጨምሮበት የተሠራ ስለሆነ፣ ጸሐፊዎች ያንን መካከለኛ ድምፅ ይሰሙት እንደ ነበር ይመሰክራል። አማርኛ በቀጥታ የግዕዝ ልጅ ባይሆንም፣ ግዕዝ ለውጡ ከመድረሱ በፊት የነበረውን መልክ ስለያዘ ጥሩ ምስክር ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተር ይዤ «ከ» ያለባቸውን ቃላት መሰብሰብ ያዝኩ፤ ሕጉ ግን ወዲያው የፈረሰ መሰለኝ። «ነከሰ»፣ «መከረ»፣ «ደከመ» በሙሉ ከአናባቢ በኋላ «ከ»ን እንደ ያዙ ቀርተዋል። ለብዙ ሳምንታት «ይህ ሕግ ሳይሆን ዝንባሌ ነው» ብዬ ጽፌ አስቀመጥኩ። ስሕተቴ ቃላቱን በጆሮ ሳይሆን በዓይን መሰብሰቤ ነበር። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ነከሰ» ሲነገር «ከ» ይጠብቃል፤ የጠበቀ «ከ» ደግሞ በዚህ ሕግ አይነካም። ስለዚህ ዝርዝሩን እንደ ገና እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ እየጠራሁ፣ የሚጠብቀውን ከሚላላው እየለየሁ ጻፍኩት።

እውነተኛው ጥያቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው። «ነከሰ» ይጠብቃል፤ «ይነክሳል» ግን አይጠብቅም። እዚህ «ከ» ላልቷል፣ ከፊቱም አናባቢ አለ፤ በሕጉ መሠረት «ይነህሳል» መባል ነበረበት። ማንም ግን እንዲህ አይልም። የአዲግራት ተወላጅ የሆነ ወዳጄን ግሡን በትግርኛ እንዲያረባልኝ ጠየቅኩትና «ነኸሰ፣ ይነክስ» አለኝ። በትግርኛ የሚላላው ኃላፊው፣ የሚጠብቀው የአሁኑ ስለሆነ ነገሩ የአማርኛ ግልባጭ ነው፤ ነገር ግን የላላው «ኸ» ሆኗል፣ የጠበቀው «ከ» ቀርቷል። ትግርኛ በአንድ ግሥ ውስጥ ሁለቱንም ድምፆች ችሎ ሲኖር፣ አማርኛ ከ«ነከሰ» የጠበቀውን «ከ» ወስዶ በእርባታው ሁሉ ላይ ዘረጋው። ድምፁ ሕጉን የጣሰ የሚመስለው፣ ተናጋሪው የአንድ ግሥ ሥር በየእርባታው ሲለዋወጥበት አንዱን መልክ መርጦ ሌላውን በእርሱ አምሳል ስለሚያስተካክለው ነው። ይህን ማስተካከል ምስያ እለዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1878 ኦስቶፍና ብሩግማን የተባሉ ጀርመናውያን የቋንቋ ሊቃውንት የድምፅ ሕግ ሳያዛንፍ ይሠራል ብለው ሲጽፉ፣ እዚያው ላይ ምስያን ሁለተኛ ምሰሶ ያደረጉት ለዚህ ነበር። ሁለተኛው ባይኖር የመጀመሪያው ባልቆመ ነበር። ነገር ግን «ምስያ» ሕግ ባልሠራበት ቦታ ሁሉ የሚለጠፍ ስም ሊሆን ስለሚችል፣ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ናሙናው የትኛው ቅርጽ እንደ ሆነ ካልጠቆምኩ በቀር ያፈነገጠውን ቃል በምስያ አልፈታም። «እህል» ከ«ከ» ጋር የሚፈራረቅ ዘመድ ስለሌለው ወደ ኋላ የሚጎትተው አልነበረም፤ ስለዚህ ሕጉን መመሥረት ያለብኝ እንደ እርሱ ባሉ ብቸኛ ቃላት ላይ ነው። «በረከት»፣ «መልአክ» እና «አካል» ደግሞ በምስያ አይፈቱም፤ ከቤተ ክርስቲያን ንባብ የመጡ ስለሆኑ ሌላ አምድ ሰጠኋቸው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የ«ሆነ» እና የ«ከፈለ» ጉዳይ ነው። ግዕዙ «ኮነ» ነው። ቃሉ በ«ከ» ይጀምራልና ከፊቱ አናባቢ የለም፤ ታዲያ አማርኛው «ሆነ» ማለቱ ከየት መጣ? ወዳጄ እንደ ገና አረባልኝ፦ «ኮነ፣ ይኸውን»፤ «ከፈለ፣ ይኸፍል»። በትግርኛ ሁለቱም ግሦች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቃል ሲጀምር «ከ»፣ ባዕድ መነሻ ሲቀድመው «ኸ»። አማርኛም በአንድ ወቅት እንዲሁ ቢያፈራርቅ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ አስተካክሏቸዋል ማለት ነው። በ«ከፈለ» ያሸነፈው የመጀመሪያው «ከ» ሆኖ «ይከፍላል» አስገኘ፤ በ«ሆነ» ያሸነፈው የመሐሉ «ሀ» ሆኖ ቃሉ ራሱ በ«ሀ» ጀመረ። ምክንያቱ በእኔ ግምት የአጠቃቀም ብዛት ነው፤ «ይሆናል»፣ «ሲሆን»፣ «እንዲሆን» እያልን የማንውልበት ቀን የለም፣ በነዚህም ሁሉ «ሀ» ከአናባቢ በኋላ ይመጣል። ከግዕዝ «ኵሉ» የምናውቀው «ሁሉ»ም «በ» እና «ለ» ዘወትር ስለሚቀድሙት በዚሁ መንገድ የሄደ ይመስለኛል። ይሁንና ይህ ከውጤቱ ተነሥቶ የሚሰጥ ማብራሪያ ነው። ምስያ የትኛው ወገን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ አይነግርም፤ የድምፅ ሕግ ግን ይነግራል።

በደብተሬ ሦስተኛ ክፍል ግሥን የሚዘጋውን ባዕድ መድረሻ ተመለከትኩ። ግዕዝ «ሰበርኩ» እንዲሁም «በላዕኩ» ይላል። አማርኛ የ«ዕ»ን ድምፅ ስላጣ፣ በ«በላዕኩ» ከ«ኩ» ፊት የቀረው አናባቢ ብቻ ነው፤ «በላሁ» የምንለው ለዚህ ነው። ከዚህ አንድ የጊዜ ቅደም ተከተል ይገኛል፦ «ዕ» የጠፋው «ከ» ወደ «ሀ» መዞሩን ከማቆሙ በፊት ነው። ትግርኛ «ዕ»ን ስላልጣለ እስከ ዛሬ «በላዕኩ» ይላል። «ሰበርኩ» ከተነባቢ በኋላ ስለሆነ በሕጉ መሠረት «ከ»ን ይይዛል፤ እኔ አዲስ አበባ ያደግኩት የምለውም ይህንኑ ነው።

ጎጃም ያደገችው እናቴ ግን እንደ እኔ አትልም። አንድ ቀን ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ «እማዬ፣ እስቲ ትናንት ወዴት እንደ ሄድሽ ንገሪኝ» አልኳት። «ገበያ ሄድሁ፤ ነገርሁህ እኮ» አለችኝ። በሁለቱም ላይ «ሁ» ከተነባቢ በኋላ ነው የመጣው። ሕጉን ብቻ ይዤ ብሆን ንግግሯን ስሕተት፣ የእኔን ትክክል አደርገው ነበር፤ ናሙናውን ስፈልግ ግን ወዲያው አገኘሁት። «በላሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «መጣሁ» ብለው በ«ሁ» የሚያልቁ ግሦች መድረሻውን ለሌሎቹ ሰጥተዋቸዋል። በጽሑፍ «ነገርህ» የምንለውም በ«በላህ»ና በ«ሰማህ» አምሳል የመጣ ነው፤ «ነገረህ» እና «ቤትህ» ውስጥ ያለው «ህ»ም አግዞታል። ስለዚህ እኔና እናቴ የምንለያየው በሕጉ አይደለም፤ እርሷ መድረሻውን አንድ አድርጋለች፣ እኔ «ሄድኩ»ንና «በላሁ»ን እንደ ተለያዩ ይዣለሁ።

በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ዝርዝር ገና አልተዘጋም። በስልክ ከሚደርሱኝ የወጣቶች መልእክቶች «ሰማክ?»፣ «ገባክ?» የሚሉትን እየቀዳሁ ነው። «ሰማህ» የሕጉ ውጤት ነበር፤ አሁን «ሄድክ» እና «ነገርክ» ወደ ራሳቸው እየሳቡት ነው፤ ይህም ከእናቴ አቅጣጫ በተቃራኒው ነው። ከእያንዳንዱ ጎን ናሙናውን እጽፋለሁ፤ በጽሑፍ ብቻ ያየሁትን በጆሮዬ ከሰማሁት የምለይበት ምልክትም አደርግበታለሁ።