100% ብሎ ነው የሞተብኝ

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ቀን ሙሉ መሰላል ላይ ባልዋልኩ ነበር ብዬ ነው። ቤት ውስጥ በዋይፋይ የሚታዘዙ፣ ኖድ የምላቸው አስራ አንድ ትንንሽ ቦርዶች አሉኝ፣ ዘጠኙ ኢኤስፒ8266 የሚባል ቺፕ ያላቸው፣ ሁለቱ ኢኤስፒ32፣ ሁሉም ላይ ያለው ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑን የሚያሰራው ፕሮግራም፣ ኢኤስፒሆም ነው። ከሁለት ዓመት በላይ በዋይፋይ አፕዴት ሳደርጋቸው አንድም ቀን አስቸግረውኝ አያውቁም። ፋይሉን አስተካክላለሁ፣ ኮምፓይል አደርጋለሁ፣ እልከዋለሁ፣ ሪስታርት አድርጎ ይመለሳል፣ አለቀ። ስለዚህ ጠግቤ ነበር ማለት ይቻላል።

የሞተብኝ ሳሎን ኮርኒስ ውስጥ ያለው፣ መብራቱን የሚያበራው ባለ አንድ ሪሌ ኖድ ነው። ምንም ችግር አልነበረበትም፣ በደንብ ይሰራ ነበር፣ ግን ስክሪኑ ላይ አዲስ ቨርዥን አለ የሚል ምልክት ስላየሁ ብቻ እጄ በላኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እማዬ ሳሎን ቁጭ ብላ እያለ፣ እኔ መኝታ ቤት ሆኜ ላክሁት። 100% ደረሰ፣ `OTA successful` አለ፣ እኔም ላፕቶፑን ዘግቼ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ኖዱ አልተመለሰም። ፒንግ አይመልስም፣ ራውተሩ ላይ የለም፣ መብራቱም ጭልም።

ሳሎን ስገባ እማዬ «ምነው መብራቱ ድርግም አለ፣ ማብሪያው ነው ብዬ አጠፋ አበራ አደረግኩት እኮ፣ እንቢ አለኝ» አለችኝ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም፣ «ተይው አስተካክለዋለሁ» ብያት አለፍኩ። መልሱ ግን እዚያው አረፍተ ነገሯ ውስጥ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

አሁን ይሄ ነገር ለምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም በየመመሪያው «የዋይፋይ አፕዴት አስተማማኝ ነው፣ መሃል ላይ ቢቋረጥ የድሮው ይቀጥላል» እያሉ የሚጽፉት ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት የበለጠ ያበሳጨኛል።

ኢኤስፒ32 ላይ እውነት ነው። እዚያ ፍላሹ ላይ ለፕሮግራም ሁለት ቦታ አለ፣ አዲሱ ባዶው ላይ ይጻፋል፣ ሙሉ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ «ከአሁን በኋላ በዚህኛው ተነሳ» የምትል ትንሽ ማስታወሻ ብቻ ነው የምትቀየረው። የትኛውም ደቂቃ ላይ ኃይል ቢቋረጥ አንደኛው ደህና ነው።

ኢኤስፒ8266 ግን እንደዚያ አይደለም። እሱ ሁልጊዜ የሚነሳው ከአንድ ቦታ፣ ከፍላሹ መጀመሪያ ነው። በዋይፋይ የሚመጣው አዲሱ ፈርምዌር ከሚሰራው ፕሮግራም ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይቀመጣል (ለዚህ ነው አንድ ሜጋባይት ፍላሽ ያላቸው ላይ ፈርምዌሩ ትልቅ ሲሆን ቦታ የለም የሚለው፣ ሁለቱም ባንዴ መግባት አለባቸዋ)። እዚህ ድረስ ቢቋረጥ ምንም አይሆንም። 100% የሚለውም እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ሪስታርት ያደርግና ኢቡት የምትባለው ትንሽ ማስነሻ አዲሱን ከተቀመጠበት እያነሳች በድሮው ላይ ትገለብጠዋለች። ማለትም ስክሪኑ «ተሳክቷል» ሲል አደገኛው ነገር ገና ሊጀመር ነው! በእኔ ቦርድ ግልበጣው ስምንት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ በነዚያ ሰከንዶች የድሮው ከፊሉ ተሰርዟል፣ አዲሱ ከፊሉ ብቻ ተጽፏል።

በጣም ያናደደኝ ደግሞ ይሄ ነው። ለኢቡት «ከዚህ አንስተሽ እዚያ ገልብጪ» የሚለው ትእዛዝ የሚቀመጠው ፍላሽ ላይ ሳይሆን አርቲሲ ሜሞሪ የምትባል የቺፑ ትንሽ ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ነው። እሱ ሪስታርትን ይችላል፣ የኃይል መቋረጥን ግን አይችልም። ስለዚህ ኃይሉ ጠፍቶ ሲመለስ አዲሱ ፈርምዌር ሙሉውን እዚያው ፍላሹ ላይ ቁጭ ብሏል፣ የሚገለብጠው ግን የለም፣ ትእዛዙ ተረስቷል። ቺፑ መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሞተው።

እና ሳሎን ምን ሆነ? ቺፑ ሪስታርት ሲያደርግ ሪሌው ተለቀቀ፣ መብራት ጠፋ፣ እማዬ ተነስታ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ አጥፍታ አበራች፣ ኖዱ ደግሞ ኃይል የሚያገኘው በዚያው ማብሪያ በኩል ነው። ልክ ስምንቱ ሰከንድ ውስጥ። ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ማብሪያውን እንደነበረ ትቼ ኖዱን ከሱ ኋላ የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ይሄን ሁሉ ያኔ አላወቅኩም። ያኔ ያደረግኩት ሴፍ ሞድ ውስጥ ለማስገባት ማብሪያውን አስር ጊዜ ማጥፋት ማብራት ነበር። ኢኤስፒሆም አስር ጊዜ በተከታታይ በደንብ ሳይነሳ ከቀረ ዋይፋይና አፕዴት ብቻ ይዞ ይነሳል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ሴንሰር ላይ የሆነ ነገር ጽፈህ እየክራሸ ሲያስቸግርህ ያድናል። ግን ሴፍ ሞድ ራሱ የፈርምዌሩ አካል ነው። ፈርምዌሩ ግማሽ ከሆነ የሚቆጥር የለም! እኔ አስሩ አልሰራ ሲለኝ ተሳስቼ ቆጥሬ ይሆናል ብዬ ሃያ፣ ሰላሳ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። በነገራችን ላይ የዋይፋይ ፓስወርድ ተሳስተህ ብትልክም ሴፍ ሞድ አያድንህም፣ ያንኑ የተሳሳተ ፓስወርድ ይዞ ነው የሚነሳው። ለሱ የሚያድነው `ap:` የሚለውን ቀድመህ ጽፈህ ከነበረ ራሱ የሚከፍተው ዋይፋይ ነው።

በማግስቱ ሳልቫቪታውን አጥፍቼ ኖዱን አወረድኩት። እዚህ ጋ አንድ ነገር በጉልህ ልናገር፦ የኮርኒስ መብራት ጋ እንደተገናኘ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰካው፣ የነዚህ ቦርዶች ግራውንድ ከመስመሩ ኤሌክትሪክ የተለየ አይደለም፣ ላፕቶፑንም አንተንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ፈትተህ ጠረጴዛ ላይ አምጣና ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል አስማሚው 3.3 ቮልት ብቻ ስጠው፣ 5 ቮልት አይደለም። ቲኤክስ ከአርኤክስ ጋር ይጣመዳል፣ ግራውንድ ከግራውንድ።

መጀመሪያ ምንም ሳልጽፍ ምን እንደሚል ሰማሁት፣

```
python -m serial.tools.miniterm /dev/ttyUSB0 74880
```

74880 የሚለው ቁጥር እንግዳ የሚመስለው ቺፑ ሲነሳ ባለ 40 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ያለው መስሎት ስለሚሰላ ነው፣ ቦርዱ ላይ ያለው ግን 26 ስለሆነ 115200 ወደ 74880 ይወርዳል። በሌላ ፍጥነት ብታየው ቆሻሻ ፊደል ብቻ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ቺፑ ተቃጥሏል» ብሎ ይጥለዋል። የእኔ `boot mode:(3,6)` ይልና ጥቂት መስመር ጽፎ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፣ ማለቂያ የለውም። 3 ማለት ከፍላሽ ለመነሳት እየሞከረ ነው፣ ማለትም ቺፑ ደህና ነው፣ ፕሮግራሙ ነው የተበላሸው። ይሄን ሳይ እፎይ አልኩ።

ከዚያ ጂፒአይኦ 0 የሚባለውን ፒን ከግራውንድ ጋር ይዤ ኃይል ሰጠሁት (ብዙ የሪሌ ኖዶች ላይ ያለችው ቁልፍ ራሷ ይሄው ናት)፣ ያኔ በ1 የሚጀምር `boot mode` ያሳያል፣ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው። ከዛ፣

```
esptool.py --port /dev/ttyUSB0 --after soft_reset write_flash 0x0 firmware.bin
```

መመሪያዎቹ መጀመሪያ ሁሉንም ደምስስ ይላሉ፣ እኔ አልደመሰስኩም፣ ላዩ ላይ ስለሚጻፍ መደምሰሱ አላስፈለገኝም። ተነሳ፣ ዋይፋይ ገባ፣ ደስ አለኝ። ግን `soft_reset` የሚለውን ከሆነ ቦታ ገልብጬ ነው ያስገባሁት፣ አስማሚዬ ሪሴት የሚያደርግበት ሽቦ ስለሌለው ይሻላል ስላሉ። ወደ ኮርኒስ ከመመለሴ በፊት እስቲ በዋይፋይ ልሞክረው ብዬ አንድ አፕዴት ላክሁ። 100%፣ `OTA successful`፣ ጸጥ።

አሁን ግልበጣውን አውቄያለሁ አይደል፣ ስለዚህ ኃይሉን ላለመንካት እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ። አስር ደቂቃ። ሩብ ሰዓት ስጠብቅ ቆይቼ ስሰማው `boot mode:(1,7)` ላይ ቆሟል። ለካ `soft_reset` ፕሮግራሙን ያስነሳዋል እንጂ ቺፑ ፒኖቹን እንደገና እንዲያነብ አያደርግም፣ ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሪስታርት ሁሉ ወደ መቀበያው ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ኃይሉን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነበር! ኢቡት ስላልተነሳች ግልበጣውም አልተጀመረም፣ ነቅዬ ስሰካው በድሮው ፈርምዌር ተነሳ። በመጀመሪያው ቀን መነቀሉ ገደለው፣ በሁለተኛው ቀን አለመንቀሌ ሩብ ሰዓት በላኝ። ስለዚህ በሽቦ ከጻፍክ በኋላ ሽቦውን ሁሉ አውጥተህ አንድ ጊዜ ኃይሉን ቁረጥና መልስ፣ ከዚያ በፊት የዋይፋይ አፕዴት አትሞክር።

እርግጠኛ ለመሆን ትርፍ ቦርድ ላይ ሆን ብዬ ደገምኩት፣ 100% ካለ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ነቀልኩት፣ ያንኑ ሞት ሞተ።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። የሚሰራ ኖድ አፕዴት አላደርግም፣ አዲስ ቨርዥን አለ የሚለው ምልክት ለዓመት ቢቆይ ግድ የለኝም። የደህንነት ችግር ተስተካክሏል ወይም የምፈልገው ነገር ተጨምሯል ካልተባለ በቀር አልነካም፣ «ሁሌም የመጨረሻውን ያዙ» የሚሉት ኮርኒስ ላይ ወጥተው አያውቁም። ሁሉንም ባንዴ አፕዴት አድርግ የሚለውን ቁልፍ ጨርሶ ረስቼዋለሁ። የግድ ሲሆን ተመሳሳይ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ እሞክራለሁ፣ የድሮውን `firmware.bin` በኖዱ ስም አስቀምጣለሁ፣ ቀን በብርሃን እልካለሁ፣ ከ100% በኋላ ሁለት ደቂቃ ማንም ምንም አይነካም። የኮርኒሱን ኖድ ደግሞ ኃይሉን ከማብሪያው በፊት ካለው መስመር እንዲያገኝ ኤሌክትሪሺያን አስመጥቼ አስቀየርኩት፣ ማብሪያው አሁን ለኖዱ ምልክት ብቻ ነው የሚሰጠው። ይሄን መጀመሪያ ስገጥመው ማድረግ ነበረብኝ፣ ሰንፌ ነው።

አዲስ የምገዛው ሁሉ ኢኤስፒ32 ነው። የቀሩት ዘጠኙ እስኪሞቱ ይሰራሉ።

እማዬ አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር ማብሪያው ጋ ከመሄዷ በፊት «አንተ ነህ?» ብላ ትጣራለች። ባለፈው ሳምንት ግን አምፖሉ ተቃጥሎ ነበር፣ ሁለታችንም ጨለማ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብለን ጠበቅን።